ማዕዘን ላይ ተገትሮ የሚቀረው ጠላት

ባለሦስት ገጽታ የኮምፒዩተር ጌም የተጫወተ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ጠላት ሰይፉን መዝዞ ያሳድዳል፤ ተጫዋቹ ሮጦ ከአንድ ቤት ጀርባ ይታጠፋል፤ ጠላቱም ይከተለዋል። የቤቱ ማዕዘን ላይ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። እግሮቹ መሮጣቸውን አያቆሙም፣ ሰውነቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ትከሻውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ባዶውን ይሮጣል። ይህን ያወቁ ተጫዋቾች አስቸጋሪውን ጠላት ሆን ብለው ወደ ማዕዘን ይስቡትና ከጎኑ ቆመው እስኪወድቅ ይመቱታል።

የሚያየው ሰው ጠላቱ መንገድ የጠፋው ይመስለዋል። መንገድ ግን አልጠፋውም። በዚያች ቅጽበት በጌሙ ውስጥ ያለውን መረጃ ብናይ፣ ከቆመበት እስከ ተጫዋቹ ድረስ ትክክለኛና አጭር የሆነ መንገድ ተሰልቶ ተሰጥቶታል። ችግሩ ያለው በመንገዱና በሰውነቱ መካከል ነው። መንገዱን የሚያሰላው ክፍል ስለ ጠላቱ ስፋት አንድ ነገር ያውቃል፣ ሰውነቱን ከግድግዳ የሚያጋጨው ክፍል ሌላ ነገር ያውቃል፣ መንገዱን የሚከተለው ኮድ ደግሞ ስለ ስፋት የሚያውቀው ነገር የለም። ሜዳ ላይ ይህ አለመግባባት አይታይም። ማዕዘን ላይ ግን ወዲያው ይጋለጣል።

የማይታየው ወለል

የጌም ጠላት ዓይን የለውም። ቤቱን፣ በሩን፣ ደረጃውን እኛ እንደምናየው አያይም። እሱን የሚመራው ከሚታየው ወለል ላይ የተነጠፈ ሌላ የማይታይ ወለል ነው፤ ጌም ሠሪዎች ናቭሜሽ ይሉታል። ናቭሜሽ ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ጎን ያላቸው ጠፍጣፋ ቅርጾች ጎን ለጎን ተገጣጥመው የሚሠሩት ካርታ ነው። ቅርጽ ባለበት ቦታ መራመድ ይቻላል፤ ቅርጽ በሌለበት ቦታ፣ ማለትም ግድግዳ፣ ገደል ወይም ጠረጴዛ ባለበት፣ መራመድ አይቻልም።

ይህን ካርታ ዛሬ በእጁ የሚሥል ሰው ብዙ የለም። ሚኮ ሞኖነን የተባለው ፊንላንዳዊ ፕሮግራመር በ2009 ሪካስት የተሰኘውን ሶፍትዌር ለማንም ክፍት አድርጎ አወጣ። ሪካስት የጌሙን ዓለም በጥቃቅን እኩል ሳጥኖች ከፋፍሎ የትኛው ሳጥን ላይ መቆም እንደሚቻል ይለያል፤ ከዚያም የሚቻሉትን አያይዞ ወደ ቅርጾች ይለውጣቸዋል። ዩኒቲ፣ አንሪል እና ጎዶት የተባሉት የታወቁ ጌም ኢንጂኖች ናቭሜሽ የሚሠሩት በዚሁ ሶፍትዌር መሠረት ላይ ነው። ስለዚህ የማዕዘኑ ችግር በሁሉም ዘንድ በተመሳሳይ መልክ ይታያል።

ካርታው ካለ በኋላ መንገድ የሚፈለገው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ጠላቱ ካለበት ቅርጽ ተነስቶ ተጫዋቹ ያለበት ቅርጽ ለመድረስ በየትኞቹ ቅርጾች ውስጥ ማለፍ እንደሚያዋጣ ይሰላል። ለዚህ የሚያገለግለው ኤ ስታር የተባለው ስሌት ጌም ከሚባለው ኢንዱስትሪ በፊት የነበረ ነው። ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰን እና በርትራም ራፋኤል በ1968 ያሳተሙት በአሜሪካው የስታንፎርድ ምርምር ተቋም ሼኪ በተባለው ተንቀሳቃሽ ሮቦት ላይ ከሚካሄደው ሥራ ጋር ተያይዞ ነው።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው የቅርጾች ሰንሰለት ነው። በቅርጾቹ ውስጥ በትክክል የት የት እንደሚረገጥ ገና አልታወቀም። ሁለተኛው ደረጃ ይህን ይወስናል። በሰንሰለቱ ውስጥ ከመነሻ እስከ መድረሻ ገመድ ዘርግተን ሁለቱን ጫፎች አጥብቀን ብንስብ፣ ገመዱ ሜዳው ላይ ቀጥ ይልና መታጠፊያው ላይ ማዕዘኑን ታክኮ ይሰበራል። ስሌቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ጠላቱ የሚቀበለውም ገመዱ የተሰበረባቸውን ነጥቦች ዝርዝር ነው፤ ወደ መጀመሪያው ሂድ፣ ስትደርስ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ተጫዋቹ።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። አጭር መንገድ በባሕርይው ማዕዘን ይታከካል። በዝርዝሩ ውስጥ በመካከል የሚገኙት ነጥቦች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ የካርታው ማዕዘኖች ናቸው። ጠላቱ ሜዳውን አቋርጦ መሄድ ሲችል የመካከል ነጥብ አያስፈልገውም። ነጥብ የሚሰጠው ማዕዘን ስላለ ነው፤ ነጥቡም ያለው ለመጋጨት በጣም በሚቀርበው ቦታ ላይ ነው።

ነጥብ እና ሰውነት

ገመድ ስፋት የለውም። በስሌቱ ውስጥ ያለው ጠላትም እንደዚሁ ስፋት የሌለው ነጥብ ነው። ስፋት ያለው ሰውነት ነጥቡ በሄደበት ሁሉ ማለፍ እንዲችል የሚደረገው ዘዴ ከሮቦት ጥናት የመጣ ነው። ቶማስ ሎዛኖ ፔሬዝ እና ማይክል ዌስሊ በ1979 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳሳዩት፣ ሮቦቱን ወደ ነጥብ ማሳነስና በምትኩ መሰናክሎቹን በሮቦቱ ስፋት ልክ ማወፈር ይቻላል። ግድግዳው በሰውነቱ ግማሽ ስፋት ከወፈረ፣ ነጥቡ የወፈረውን ግድግዳ ጠርዝ ታክኮ ቢሄድም ሰውነቱ እውነተኛውን ግድግዳ አይነካም።

ሪካስትም ይህን ያደርጋል። ካርታውን ከየግድግዳው በተወሰነ ርቀት ወደ ውስጥ ይሸርፈዋል። ያ ርቀት በጎዶት ውስጥ `agent_radius` ይባላል፤ ሠሪው ካልቀየረው 0.5 ሜትር ነው። ጎዶትን ለምሳሌ የምንወስደው በነጻ ስለሚገኝና ቁጥሮቹን ማንም ሰው ከፍቶ ማየት ስለሚችል ነው።

በዚያው ኢንጂን ውስጥ ሰውነት የሚሰጠው ለብቻው ነው። ጠላቱ እንደ መድኃኒት እንክብል ጫፎቹ የከበቡ የግጭት ቅርጽ ይለብሳል፤ የዚህ ቅርጽ ሬዲየስም ካልተቀየረ 0.5 ሜትር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል የሆኑት አንዱ ሌላውን ስለሚያውቅ አይደለም። አንዱን ብትቀይሩ ሌላው አይቀየርም፣ ማስጠንቀቂያም አይመጣም። ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው፣ መንገድ ተከታዩ `NavigationAgent3D` ራሱ `radius` የሚባል ሦስተኛ ቁጥር አለው። ብዙ ጀማሪ ይህን ቁጥር አሳድጎ ጠላቱ ከግድግዳ እንዲርቅ ይጠብቃል። ቁጥሩ ግን የሚያገለግለው ጠላቶች እርስ በርሳቸው እንዳይጋጩ ለመሸሽ ብቻ ነው፤ መንገዱን አንዲት ጣት አያንቀሳቅሰውም።

ያልተደረሰበት ነጥብ

አንድ ጌም ሠሪ ግቢ የሚጠብቅ ዘበኛ ሠራ እንበል። የዘበኛው ሬዲየስ 0.5 ሜትር ነው፤ ካርታውም በ0.5 ተሸርፏል። መንገድ የሚከተልበት ኮድ ይህን ይመስላል፦

```gdscript
func _physics_process(_delta):
    if agent.is_navigation_finished():
        return
    var next = agent.get_next_path_position()
    velocity = global_position.direction_to(next) * speed
    move_and_slide()
```

ትርጉሙ ቀላል ነው። ቀጣዩን ነጥብ ጠይቅ፣ ፊትህን ወደዚያ አድርግ፣ ተራመድ፤ ግድግዳ ከነካህ ታክከህ ተንሸራተት። ነጥቡ ላይ ተደርሷል የሚባለው ጠላቱ ከነጥቡ በ`path_desired_distance` ርቀት ውስጥ ሲገባ ነው። ሠሪያችን ዘበኛው በትክክል እንዲራመድ ብሎ ይህን ቁጥር ወደ 0.2 ሜትር ዝቅ አድርጎታል። ዘበኛው ደህና ይሄዳል።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ትልቅ አውሬ ይጨመራል። ሬዲየሱ 0.8 ሜትር ነው። ሠሪው የዘበኛውን ፋይል ቀድቶ ምስሉንና የግጭት ቅርጹን ይቀይራል፤ ካርታውን ግን አይነካም። አውሬው በአንድ ቤት ምዕራባዊ ግድግዳ ላይ ወደ ሰሜን እየሮጠ ይመጣል። መንገዱ የሚሰበርበት ነጥብ ከግድግዳው 0.5 ሜትር ርቆ፣ ከቤቱ ማዕዘን ትይዩ ላይ ነው። የአውሬው መሐል ግን ከግድግዳው ከ0.8 ሜትር በታች ሊቀርብ አይችልም፤ ሰውነቱ ይይዘዋል። ማዕዘኑ ትይዩ ሲደርስ በመሐሉና በነጥቡ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ተደርሷል ለመባል ደግሞ 20 ያስፈልጋል።

አሁን ነጥቡ በቀጥታ በስተምሥራቅ ነው፤ ማዕዘኑም በቀጥታ በስተምሥራቅ ነው። አውሬው ወደ ነጥቡ ይገፋል፣ ማዕዘኑ ወደ ኋላ ይገፋዋል። መንሸራተት የሚቻለው ግፊቱ በተወሰነ መጠን ወደ ጎን ሲያዘነብል ነው፤ እዚህ ግን ግፊቱና መሰናክሉ ፊት ለፊት ስለተገናኙ ወደ ጎን የሚቀር ኃይል የለም። አውሬው እዚያው ይቀራል። መንገዱን እንደገና ማስላትም አይረዳውም፤ አዲሱ መንገድ ያንኑ ነጥብ ይሰጠዋል።

ያልተደረሰበት ነጥብ አውሬ ባይጨመርም ሊመጣ ይችላል። ካርታው ሲሸረፍ በወጣ ማዕዘን ዙሪያ ያለው ጠርዝ ክብ መሆን ነበረበት፤ ከማዕዘኑ በሁሉም አቅጣጫ እኩል 0.5 ሜትር መራቅ የሚቻለው በክብ ብቻ ነውና። ሪካስት ግን ካርታው በጥቃቅን ቅርጾች እንዳይጨናነቅ ጠርዞችን ያቃናል። በጎዶት `edge_max_error` የተባለው ቁጥር ካልተቀየረ 1.3 ነው፤ ይህ ማለት ጠርዙ ከትክክለኛው ቦታ እስከ 1.3 ሳጥን ሊዛነፍ ይችላል። አንዱ ሳጥን 0.25 ሜትር ስለሆነ የተፈቀደው መዛነፍ ከ32 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ክቡ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ከተተካ፣ መስመሩ መካከሉ ላይ ከማዕዘኑ የሚርቀው 35 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ ሜትር የሚያስፈልገው ዘበኛ 15 ሴንቲ ሜትር ተሰርቆበታል።

ክብ ሰውነት ያለው ዘበኛ ይህን ያህሉን ብዙ ጊዜ ተንሸራቶ ያልፈዋል። የግጭት ቅርጹ ሳጥን ከሆነ ግን የሳጥኑ ጠፍጣፋ ፊት ማዕዘኑን ይነክሳል፤ ከተጠፈጠፈ ፊት ላይ ደግሞ ማዕዘን በቀላሉ አይንሸራተትም። ለሚራመድ ጠላት ክብ ቅርጽ የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ቶሎ የተደረሰበት ነጥብ

አውሬው መቆሙን ያየው ሠሪ ኮዱን ይመረምርና 0.2 የምትለዋን ቁጥር ያገኛታል። ነጥቡ ላይ መድረስ ያቃተው ስለሆነ ርቀቱን ማስፋት ነው ይልና፣ ለማንኛውም ብሎ ለሁሉም ጠላቶች 2 ሜትር ያደርገዋል። አውሬው ወዲያው ይፈታል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሜትር ውስጥ ነውና። ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

በግቢው ውስጥ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አጥር አለ። ተጫዋቹ ከአጥሩ ማዶ፣ ከአጥሩ ጫፍ 5 ሜትር ርቀት ላይ ቆሟል። ዘበኛው በወዲህ በኩል አጥሩን ታክኮ ወደ ጫፉ ይሮጣል፤ መንገዱ ጫፉን ዞሮ በማዶ በኩል ወደ ኋላ ይመለሳል። በጫፉ ዙሪያ ያሉት የመታጠፊያ ነጥቦች በሙሉ ተቀራርበው የተቀመጡ ናቸው። ዘበኛው ገና ወደ ጫፉ 1.4 ሜትር ገደማ ሲቀረው ሁሉም በ2 ሜትር ክልል ውስጥ ገቡ። ተደርሷል ተብለው ከዝርዝሩ ተሰረዙ። የቀረው ብቸኛ መድረሻ ተጫዋቹ ነው፤ ተጫዋቹ ደግሞ ያለው ከአጥሩ ማዶ፣ ከዘበኛው በስተኋላ ነው።

ስለዚህ ዘበኛው ይዞራል። አጥሩን በደረቱ እየገፋ ወደ መጣበት ይንሸራተታል። ጌሙ መንገዱን በየጊዜው እንደገና የሚያሰላ ከሆነ፣ አዲሱ መንገድ እንደገና ወደ ጫፉ ይልከዋል፤ 1.4 ሜትር ላይ ሲደርስ ደግሞ ነጥቦቹ ይሰረዛሉ፣ ይመለሳል። ተጫዋቹ የሚያየው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚንቀጠቀጥ ዘበኛ ነው። የመጀመሪያው ችግር ያልተደረሰበት ነጥብ ነበር፤ ሁለተኛው ሳይደርስ ተደርሷል የተባለ ነጥብ ነው። ሠሪው አንዱን በሌላው ለወጠ እንጂ አልፈታም፤ አውሬውን ያቆመው የርቀቱ ቁጥር ሳይሆን ካርታው ነበር።

ርቀቱን እጅግ ማሳነስም የራሱ ገደብ አለው። በሰከንድ 4 ሜትር የሚሮጥ ጠላት ጌሙ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲሰላ በአንድ ጊዜ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራመዳል። ተደርሷል የሚባልበት ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጠላቱ ነጥቡን ዘልሎ ያልፋል፣ ይዞራል፣ እንደገና ዘልሎ ያልፋል። ሜዳ ላይ፣ ምንም ግድግዳ በሌለበት የሚንቀጠቀጥ ጠላት ካያችሁ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

በየትኛው ምክንያት ቆመ?

ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ ችግሮች ይመሳሰላሉ። ለመለየት ግን አንድ ቁጥር በቂ ነው፤ ጠላቱ ከቀጣዩ ነጥብ ያለው ርቀት። በየፍሬሙ ይህን ርቀትና በዝርዝሩ ውስጥ ስንተኛው ነጥብ ላይ እንዳለ ማሳተም ይቻላል፦

```gdscript
print(agent.get_current_navigation_path_index(), " ",
    global_position.distance_to(agent.get_next_path_position()))
```

ጠላቱ ቆሞ ሳለ ርቀቱ እየቀነሰ መጥቶ 0.30 ላይ ቢቆምና ከዚያ ፈቀቅ ባይል፣ የነጥቡም ተራ ቁጥር ባይቀየር፣ ነጥቡ ሰውነቱ ሊደርስበት የማይችልበት ቦታ ላይ ነው። ይህ የካርታና የሰውነት አለመመጣጠን ነው። በተቃራኒው ጠላቱ ገና ከግድግዳው ጎን ሳለ ተራ ቁጥሩ ቢዘልና ርቀቱ በድንገት ወደ ብዙ ሜትር ቢያድግ፣ ነጥቡ ቶሎ ተሰርዟል። ርቀቱ በሁለት ትናንሽ ቁጥሮች መካከል ቢመላለስ ደግሞ ጠላቱ ነጥቡን እየዘለለው ነው።

ከቁጥሩ ጋር ዓይንም ይረዳል። በጎዶት `Debug` ማውጫ ውስጥ `Visible Collision Shapes` እና `Visible Navigation` የሚሉትን አብርቶ ጌሙን ማስነሳት የግጭት ቅርጹንና ካርታውን አንድ ላይ ያሳያል። ጠላቱን ከማዕዘኑ አጠገብ፣ መሐሉን በካርታው ጠርዝ ላይ አድርጎ ማቆም ነው። ቅርጹ ግድግዳው ውስጥ ከገባ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ማስተካከያው

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ካርታው፣ ከዚያ ርቀቱ።

ካርታው የሚሸረፍበት መጠን ከሰውነቱ ሬዲየስ ትንሽ መብለጥ አለበት። ለ0.5 ሜትሩ ዘበኛ 0.6 ጥሩ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የሳጥኑ ስፋት 0.25 ከሆነ 0.6 በሳጥን አይከፈልም፤ ሪካስት ወደ ላይ አጠጋግቶ ሦስት ሳጥን፣ ማለትም 0.75 ሜትር ይሸርፋል። ስለዚህ `cell_size` ወደ 0.1 ይወርዳል፤ 0.6 ሜትር ስድስት ሳጥን ይሆናል። የሚፈቀደው የጠርዝ መዛነፍም ከ32 ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። በዚህ ልክ ክቡን ማዕዘን በአንድ መስመር መተካት አይቻልም፤ ቢያንስ ሁለት መስመር ያስፈልጋል። መካከለኛው ነጥብ ክቡ ላይ ከዋለ መስመሮቹ ከማዕዘኑ 55 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃሉ፤ ዘበኛውም ሳይነካ ያልፋል። የሚከፈለው ዋጋ ካርታውን ለማዘጋጀት የሚፈጀው ጊዜና ማኅደረ ትውስታ ነው፤ ሳጥኖቹ ከላይ ሲታዩ ከስድስት እጥፍ በላይ ይበዛሉ። በፕሮጀክቱ ቅንብር ውስጥ ያለው የናቪጌሽን ሳጥን ስፋትም አብሮ 0.1 መደረግ አለበት፤ አለዚያ የካርታው ክፍሎች በትክክል አይገጣጠሙም።

ለአውሬው ደግሞ የራሱ ካርታ ያስፈልገዋል። በ0.9 የተሸረፈ ሁለተኛ ናቭሜሽ ይዘጋጅና አውሬው በዚያ ብቻ መንገድ ይፈልጋል። ለሁሉም አንድ ካርታ ተጠቅሞ መጠኑን በትልቁ መወሰን ይቀላል፤ ነገር ግን በር ይዘጋል። 1.2 ሜትር ስፋት ያለው በር ከሁለቱ መቃኖች 0.6 ሲሸረፍበት የሚቀረው ዜሮ ነው። ዘበኛው 1 ሜትር ብቻ ስለሆነ በአካል ያልፋል፣ በካርታው ግን በሩ የለም፤ ወይ ዙሪያውን ይሄዳል ወይ ከነጭራሹ አይመጣም። ከማዕዘን የሚያድነው ትርፍ ከበር የሚቀነስ ነውና፣ ጠባብ በር ያለበት ጌም ወይ በሩን ያሰፋል ወይ የጠላቱን የግጭት ቅርጽ ያጠባል። ምስሉ ሳይነካ ቅርጹን ብቻ ከ0.5 ወደ 0.4 ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ትከሻው ግድግዳውን ትንሽ ቢነካ ተጫዋቹ አያስተውለውም።

ካርታው ከተስተካከለ በኋላ ርቀቱ ወደ 0.3 ሜትር ይወርዳል። ከአንድ እርምጃ፣ ማለትም ከ7 ሴንቲ ሜትር፣ በደንብ ይበልጣል፤ ማዕዘን ቆርጦ ግድግዳ ውስጥ ከሚያስገባውም ያንሳል። ከዚህ በፊት ግን የጠላቱ መነሻ ነጥብ የት እንዳለ መታየት አለበት። ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ጠላት መነሻ ነጥቡ ወገቡ ላይ ከሆነ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሏል፤ የመንገዱ ነጥቦች ያሉት ወለሉ አጠገብ ነው። ነጥቡ ላይ ቆሞ እንኳ ርቀቱ 1 ሜትር ገደማ ስለሚሆን 0.3 መቼም አይሟላም። መነሻው እግሩ ሥር ይደረግ፣ ወይም ልዩነቱ በ`path_height_offset` ይካካስ።

ካርታው የማያየው ግፊያ

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ጠላት ማዕዘን ላይ የሚያዝበት አንድ ሁኔታ ይቀራል፤ ብዙ ሆነው ሲያሳድዱ። አጭሩ መንገድ ለሁሉም አንድ ስለሆነ አሥሩም አንዱን ማዕዘን ታክከው ለማለፍ ይሻማሉ። እርስ በርስ መሸሽን የሚያሰላው የኢንጂኑ ክፍል ደግሞ ሌሎቹን ጠላቶች እንጂ ናቭሜሹን አያይም። ከጎኑ ያለውን ለመሸሽ ብሎ አንዱን ከካርታው አውጥቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። የተገፋው ጠላት መንገዱ ትክክል ነው፣ ካርታውም ትክክል ነው፤ እሱ ግን መንገዱ ከታሰበበት ቦታ ውጭ ቆሟል።

ለዚህ የመጨረሻ መጠባበቂያ ይሠራል። ጠላቱ መሄድ እየነበረበት በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ከተንቀሳቀሰ፣ ኮዱ እንደተያዘ ይቆጥረዋል። መንገዱን እንደገና ማስላት ብቻውን አይበቃም፤ ያንኑ ነጥብ ሊመልስ ይችላልና። የሚሻለው ካርታው ላይ ለጠላቱ በጣም የሚቀርበውን ቦታ ፈልጎ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነጥብን ጊዜያዊ መድረሻ አድርጎ፣ መጀመሪያ ከግድግዳው ማላቀቅ፣ ከዚያ ማሳደዱን መቀጠል ነው።

ይህ መጠባበቂያ ቀድሞ ከተሠራ ግን ጉዳት አለው። አውሬው በየማዕዘኑ ተይዞ በየማዕዘኑ ይላቀቃል፤ ጌሙ የሚሠራ ይመስላል፤ ካርታው በ0.5 መሸረፉን ማንም አያይም። መጠባበቂያው በተቀሰቀሰ ቁጥር የጠላቱን ዓይነትና ቦታውን ቢመዘግብ ይህ ይቀራል። መዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት ጠላት በየማዕዘኑ ከታየ ካርታው ለሱ አልተሠራም። የተለያዩ ጠላቶች አንድ ማዕዘን ላይ ብቻ ከታዩ ደግሞ ያ ማዕዘን ለብቻው ይታይ፤ ምናልባት ከካርታው ዝግጅት በኋላ የተጨመረ በርሜል ቆሞበት ይሆናል።